የጥልቅ መሠረት ቁፋሮ፦ አፋፉን ከሸክም፣ ግድግዳውን ከመደርመስ መጠበቅ

በዶማም ሆነ በኤክስካቫተር የተቆፈረ የመሠረት ቦይ ገና እንደተከፈተ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይቆማል። አደጋውን የሚሸፍነው ይህ መቆም ነው። መሬት ውስጥ ያለ አፈር ከጎኑ ባለው አፈር ተደግፎ የሚኖር ሲሆን ቁፋሮው በአንድ ጎኑ ያለውን ድጋፍ ይወስድበታል። ከዚያ ወዲያ ግድግዳውን የሚይዘው የአፈሩ ቅንጣቶች እርስ በርስ መያያዝ ብቻ ነው፤ ይህም መያያዝ እንደ እርጥበቱ መጠን ይለዋወጣል። መጠነኛ እርጥበት ያለው አፈር ይጣበቃል፤ ፀሐይና ነፋስ ሲያደርቁት ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲገባበት ደግሞ ይልማል። ስለዚህ አንድ ቦይ ጠዋት ቆሞ ከሰዓት ሊናድ፣ ሦስት ቀን ቆይቶም በአራተኛው ሊደረመስ ይችላል። ትናንት መቆሙ ለዛሬ ማስረጃ አይሆንም።

ሲደረመስ ደግሞ ለመሸሽ ጊዜ አይሰጥም። ከ2 ሜትር ተኩል ከፍታ የተለቀቀ አፈር መሬት ለመድረስ አንድ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። አንድ ሜትር ኩብ አፈር እንደ ዓይነቱና እንደ እርጥበቱ ከ1.6 እስከ 2 ቶን ይመዝናል፤ ይህም የአንድ የቤት መኪና ክብደት ያህል ማለት ነው። በዚህ ክብደት የተያዘ ሰው ጭንቅላቱ ከአፈሩ በላይ ቢሆን እንኳ ሊሞት ይችላል። አየር ባስወጣ ቁጥር ደረቱ ይሟሽሻል፤ አፈሩም የተፈጠረውን ክፍተት ይሞላዋል፤ ቀጥሎ አየር ለመሳብ ሲሞክር ደረቱ የሚሰፋበት ቦታ ያጣል። ጎንበስ ብሎ አካፋ የሚይዝ ሠራተኛ ደረቱ ከመሬት ብዙም ስለማይርቅ፣ ወገብ ወይም ደረት የሚያህል ጥልቀት ያለው ቦይም ሙሉ በሙሉ ሊቀብረው ይችላል። የራስ ቁር ከላይ ከሚንከባለል ጠጠርና ትንሽ ድንጋይ ያድናል፤ ከናዳ ግን አያድንም።

በግንባታ ቦታዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳተው ጉዳይ ግድግዳው ከየት ጀምሮ እንደሚናድ ነው። ከቦዩ ፊት የሚረግፍ ስስ ሽፋን ብቻ የሚወድቅ ይመስላል። እውነታው ሌላ ነው። ከአፋፉ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ በመሬቱ ገጽ ላይ ከቦዩ ጎን ለጎን የሚሄድ ስንጥቅ ይከፈታል፤ በስንጥቁና በቦዩ መካከል ያለው አፈር በሙሉ፣ ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ ሆኖ፣ ወደ ቦዩ ይንሸራተታል። ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከአፋፉ የቦዩን ጥልቀት ግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ያህል ርቆ ነው። ቦዩ 2 ሜትር ተኩል ከጠለቀ ከ1.25 ሜትር እስከ 1.9 ሜትር ባለው ርቀት ላይ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ስፋት ያለው መሬት ከአፋፉ ጀምሮ እንደ ተንሸራታች መታየት አለበት። በላዩ ላይ የተቀመጠ ማንኛውም ነገር ግድግዳውን የሚገፋ ሸክም ነው፤ ግድግዳው ከተናደ ደግሞ አብሮ ይወርዳል።

ከቦዩ የወጣው አፈር የሚቆለልበት ቦታ ትልቅ ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው። ቆፋሪው አፈሩን በአካፋ ሲያወጣ የሚቀለው አፋፉ ላይ መጣል ነው፤ የኤክስካቫተር ሹፌርም ባልዲውን ብዙ ሳያዞር ቢደፋ ሥራው ይፈጥንለታል። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ የወጣ አፈርና ዕቃ ከአፋፉ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር እንዲርቅ ይጠይቃል። ይህ ቁጥር በብዙ አገር መመሪያዎችና ሥልጠናዎች ውስጥ ስለሚጠቀስ ለሁሉም ጥልቀት የሚበቃ ይመስላል፤ እንዲህ አይደለም። 60 ሴንቲ ሜትር የሚከላከለው ከቁልሉ እየተንከባለለ የሚመለሰውን ጓልና ድንጋይ ነው። በ2 ሜትር ተኩል ቦይ ላይ ግን ያ ቁልል አሁንም በተንሸራታቹ መሬት ላይ ተቀምጧል። ክብደቱን ከግድግዳው ላይ ለማንሳት ቁልሉን የቦዩን ጥልቀት ያህል ማራቅ ያስፈልጋል፤ 2 ሜትር ተኩል ለጠለቀ ቦይ የቁልሉ እግር 2 ሜትር ተኩል ይርቃል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ መከተል ይጠቅማል። በአዲስ አበባ ተዳፋት ቦታ ላይ በሚሠራ ቤት፣ ከጎረቤት የድንጋይ አጥር ሥር የአፈር መያዣ ግንብ ሊቆም ነው እንበል። ቦዩ 14 ሜትር ይረዝማል፣ 1.2 ሜትር ይሰፋል፣ 2.5 ሜትር ይጠልቃል። የሚወጣው አፈር 42 ሜትር ኩብ ነው። አፈር ሲቆፈር ስለሚሳሳ መጠኑ በአንድ አራተኛ ወይም ከዚያ በላይ ይጨምራል፤ ስለዚህ የሚቆለለው ከ50 ሜትር ኩብ ያልፋል፣ ክብደቱም ወደ 75 ቶን ይጠጋል። ይህ ሁሉ በቦዩ ርዝመት በአንድ በኩል ቢደረደር ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ከፍታና ከ4 ሜትር ተኩል በላይ የእግር ስፋት ያለው ቁልል ይሆናል። ከአፋፉ 2 ሜትር ተኩል ሲርቅ ደግሞ በጠቅላላው 7 ሜትር ክፍት መሬት ይፈልጋል። በአንድ በኩል አጥር፣ በሌላ በኩል የሚሠራው ቤት ባለበት ጠባብ ቦታ ይህ አይገኝም። ውሳኔው መደረግ ያለበት ከመጀመሪያው አካፋ በፊት ነው፦ ለመልሶ ሙሌት የሚያስፈልገው ብቻ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፣ የቀረው በሲኖትራክ ተጭኖ ይወጣል፣ መኪናው የሚቆምበት ቦታም ከአፋፉ ርቆ አስቀድሞ ይመረጣል። ቦታው ሳይታሰብ ቁፋሮ ከተጀመረ አፈሩ መሄጃ ያጣና አፋፉ ላይ ይቆለላል።

የሸክሙን ትርጉም ለማየት ቀላል ስሌት አለ። በዚህ ቦይ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው፣ ያልራሰ አፈር በእያንዳንዱ የግድግዳ ሜትር ርዝመት ላይ የሚያሳርፈው የጎን ግፊት ወደ 1.9 ቶን ነው። አፋፉ አጠገብ በካሬ ሜትር 2 ቶን የሚመዝን ቁልል ሲጨመርበት ግፊቱ ወደ 3.6 ቶን ይደርሳል፤ ይህም ወደ እጥፍ መጠጋቱ ነው። ቁልሉ ባይኖርም ከግድግዳው ጀርባ ያለው አፈር እስከ ላይ ድረስ ውኃ ቢሞላበት ግፊቱ ወደ 4 ቶን ይወጣል። ቁልሉና ውኃው አብረው ከመጡ የትኛውም በግምት የተተከለ እንጨት አይችለውም። በክረምት፣ ከሰዓት በኋላ በሚወርድ ዶፍ የሚሆነው ይኸው ነው፦ የተቆለለው አፈር ራሱ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ በስንጥቁ የገባው ውኃ ደግሞ ግድግዳውን ከኋላ ይገፋል።

ከአፈሩ ቁልል ሌላ ሥራው የሚፈልጋቸው ዕቃዎችም አሉ። ጥርብ ድንጋይ፣ ብሎኬት፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ የታሰረ ፌሮ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ሁሉ ለመቀበል እንዲቀርብ ተብሎ ወደ አፋፉ ይጠጋል። አንድ መኪና ጥርብ ድንጋይ ከአፈር ቁልሉ ቢከብድ እንጂ አያንስም፤ ስለዚህ ርቀቱ ለሁሉም አንድ ነው። ለሥራው የሚያስፈልገው በባሬላ ወይም በእጅ ጋሪ በጥቂት በጥቂቱ እየመጣ ወዲያው ወደ ቦዩ ይወርዳል። የኮንክሪት ማደባለቂያው ከክብደቱ በላይ ንዝረቱ ያውካል፤ ንዝረት የአሸዋማ አፈርን መያያዝ ይፈታል። ወደ ኋላ የሚጓዝ መኪና አፋፉን እንዳያልፍ ወፍራም ግንድ በማቆሚያው ርቀት ላይ ተጋድሞ በካስማ ይያዛል፤ የሹፌሩ ዓይንና የጠቋሚው ምልክት ብቻቸውን አይበቁም።

የአፈሩን ዓይነት ማወቅ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። በአዲስ አበባ ምሥራቅና ደቡብ ሰፊ ቦታ የያዘው ጥቁር ዋልካ በበጋ ጠንካራ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ሲደርቅ የሚፈጥራቸው ጥልቅ ስንጥቆች ግድግዳውን አስቀድመው ከፋፍለውታል። ሲርስ ደግሞ ያብጣል፣ ድጋፉንም ይገፋል። ቀዩ አፈር የተሻለ ይቆማል፣ ሆኖም በዝናብ ሲርስ አስተማማኝነቱ ይቀንሳል። ከሁሉም የሚያሰጋው ሙሌት ነው። ቀደም ሲል ተቆፍሮ የተሞላ መሬት፣ የድሮ የቧንቧ መሥመር ያለፈበት ቦታ፣ የፍርስራሽ መጣያ የነበረ ግቢ በራሱ የመቆም አቅም የለውም። በምሳሌው ቦታ ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቱ የሽንት ቤት ጉድጓድ ቢኖር፣ ከእሱ የሚሰርገው ፈሳሽ በበጋም ሳይቀር የግድግዳውን ግርጌ ያለሰልሳል። ስለዚህ ከቁፋሮ በፊት ጎረቤቱን መጠየቅ የሥራው አካል ነው። ውኃና የኤሌክትሪክ መሥመር የት እንዳለፈም እንዲሁ።

ግድግዳውን ከመደርመስ መጠበቂያ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው በተዳፋት መቁረጥ ነው። ለልል አፈር በአሜሪካው ደንብ የሚፈቀደው ለእያንዳንዱ ሜትር ጥልቀት አንድ ሜትር ተኩል ወደ ጎን መውጣት ነው። በዚህ መጠን የምሳሌው ቦይ በሁለቱም ጎን 3.75 ሜትር ይሰፋል፤ የላይኛው አፉ 8.7 ሜትር ይሆናል፣ የሚቆፈረው አፈርም ከአራት እጥፍ ይበልጣል። ሜዳ ላይ ይህ ከሁሉ ቀላሉና አስተማማኙ ዘዴ ነው። አጥር አጠገብ ግን አይቻልም። የሚቀረው ሁለተኛው፣ በእንጨት ወይም በብረት መደገፍ ነው።

የእንጨት ድጋፍ ሦስት ክፍሎች አሉት። ከግድግዳው ጋር የሚጣበቁት ቋሚ ጣውላዎች ናቸው። ጣውላዎቹን በአንድነት የሚይዙ፣ በቦዩ ርዝመት የሚጋደሙ ወፍራም አግዳሚዎች አሉ። ሦስተኛው ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ተሻግሮ ሁለቱን ጎኖች ገፍቶ የሚያራርቀው መወጠሪያ ነው፤ ጫፉ ላይ በሽብልቅ ይጠብቃል። መወጠሪያው አንዱን ግድግዳ የሚደግፈው የሌላውን ግፊት በመጠቀም ስለሆነ አንዱ ጎን ብቻ ጣውላ ቢለብስ ጥቅም የለውም። በሚረግፍ ልል አፈር ጣውላዎቹ ተጠጋግተው ይቆማሉ። ውኃ እንዲወጣበት ግን ሙሉ በሙሉ አይደፈኑም፣ ከጀርባ የታገተ ውኃ ግፊቱን ስለሚያበዛ። የጣውላዎቹ ጫፍ ከአፋፉ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቢቀር የሚንከባለል ጠጠርንም ያግዳል።

የእንጨቶቹን ውፍረት የሚወስነው መሐንዲስ ነው። በየግንባታ ቦታው ለመወጣጫ የሚያገለግለው ቀጭን አጣና በቅርብ ስለሚገኝ ለድጋፍ ሲውል ይታያል። በምሳሌው ቦይ 1.4 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ክፍል ብቻ ከ2 ቶን ተኩል በላይ ይገፋል፤ ጎን የሚገፋ ኃይል ቀጭን እንጨትን ከመስበሩ በፊት ያጎብጠዋል፣ ከዚያም በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። እርጥብ ባህር ዛፍ ሌላም ችግር አለው፤ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ትናንት የጠበቀው ሽብልቅ ዛሬ ይላላል። በዚህ ምክንያት ሽብልቆች በየጠዋቱ በመዶሻ ይፈተሻሉ።

የተከላው ቅደም ተከተል ከእንጨቱ ያላነሰ ዋጋ አለው። አሳዛኝ አደጋዎች የሚደርሱበት አንዱ ጊዜ ድጋፉን ለመትከል ሰው ባልተደገፈ ጥልቅ ቦይ ውስጥ ሲገባ ነው። ትክክለኛው አካሄድ ከላይ ወደ ታች ነው። ቁፋሮው መጀመሪያ አንድ ሜትር ገደማ ወርዶ ይቆማል። ጣውላዎቹ ይቆማሉ፣ የላይኛው አግዳሚና መወጠሪያ ይጠብቃል። ከዚያ ሠራተኛው በተደገፈው ውስጥ ሆኖ ጥቂት ይቆፍራል፣ ጣውላዎቹ ወደ ታች ይመታሉ፣ ቀጣዩ መወጠሪያ ይገባል። ግርጌው ላይ ያለው ግፊት ከፍተኛ ስለሆነ የታችኛው መወጠሪያ ለቁፋሮ ያስቸግራል ተብሎ አይተውም። ተዘጋጅቶ በክሬን የሚወርድ የብረት ሳጥንም አለ፤ ሰዎች የሚሠሩት በሳጥኑ ውስጥ ብቻ ሲሆን ለረጅም የቧንቧ ቦይ ይመቻል፣ ጎረቤትን አጥር ግን አይደግፍም፣ በሳጥኑና በአፈሩ መካከል ክፍተት ስለሚኖር።

አጥሩ ራሱ ከባድ ሸክም ነው። መሠረቱ 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከጠለቀና ከቦዩ አጠገብ ካለ ሙሉ በሙሉ በተንሸራታቹ መሬት ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። 14 ሜትሩን በአንድ ጊዜ ከመክፈት ይልቅ እየዘለሉ መቆፈር ይሻላል። ቦዩ 1.4 ሜትር በሆኑ አሥር ክፍሎች ይከፈላል። መጀመሪያ 1ኛው፣ 4ኛው፣ 7ኛውና 10ኛው ተቆፍረው፣ ተደግፈው፣ ግንባቸው ይሠራል። ኮንክሪቱ ጠንክሮ ከጀርባው ከተሞላ በኋላ 2ኛው፣ 5ኛውና 8ኛው ይከፈታሉ፤ መጨረሻ ላይ የቀሩት ሦስቱ ይሠራሉ። በየጊዜው ከአጥሩ ሥር ያልተነካ አፈር ወይም የተጠናቀቀ ግንብ ይኖራል። በአንድ ጊዜ የሚወጣው አፈርም ከ42 ወደ 17 ሜትር ኩብ ዝቅ ይላል፤ ይህ ለመጫን ይቀላል። ሥራው ሳምንታት ይጨምራል፣ ባለቤቱም ይህን ቀድሞ ማወቅ አለበት። አጥሩ ከወደቀ በኋላ እንደገና ማሠራት ግን ከዚህ ይበልጥ ያዘገያል፤ በሥሩ ሰው ካለ ደግሞ በጊዜ የሚተመን አይደለም።

በጥልቅ ቦይ ውስጥ መሰላል ሳይኖር ሰው አይገባም። በአሜሪካው ደንብ ከ1.2 ሜትር በላይ በጠለቀ ቦይ ማንም ሠራተኛ ወደ መሰላል ለመድረስ ከ7 ሜትር ተኩል በላይ መሄድ የለበትም። መሰላሉ ከአፋፉ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መውጣት አለበት፤ በደጋፊ እንጨቶቹ ላይ መንጠላጠል መወጠሪያውን ያላላል። ይኸው ደንብ ከ1 ሜትር ተኩል ጀምሮ ድጋፍ ወይም ተዳፋት ያስገድዳል። ከዚያ በታች ያለ ጥልቀት ግን አፈሩን የሚያውቅ ሰው አይቶ ካላረጋገጠ በቀር ነፃ አይደለም። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የ1988 የግንባታ ደኅንነት ስምምነት፣ ቁጥር 167፣ ቁፋሮ በሚካሄድበት ሁሉ ከአፈር መደርመስ የሚጠብቅ ድጋፍ ወይም ሌላ በቂ ጥንቃቄ እንዲደረግ ይጠይቃል። በኢትዮጵያም የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ይጥላል፤ የቀን ሠራተኛ መሆን ይህን አይለውጠውም።

ቦዩን በየጠዋቱ፣ ከዝናብም በኋላ ወዲያው፣ ማንም ከመግባቱ በፊት አንድ የተመደበ ሰው ይመረምረዋል። ፎርማኑ ከአፋፉ ራቅ ብሎ መሬቱን እያየ ሲዞር የሚፈልገው ከቦዩ ጋር የሚጓዝ ስንጥቅ ነው፤ ስንጥቁ ቀጭን ቢሆንም ወረቀት ወይም ቀጭን ሽቦ ከገባበት ሥራው ይቆማል። የግድግዳው ግርጌ ማበጥ፣ ያለምክንያት የሚረግፍ ጓል፣ የቦዩ ወለል ወደ ላይ መነሣት፣ ከግድግዳው የሚያዥ ውኃ፣ የሚንሿሿ ወይም የጎበጠ እንጨት ሁሉ ያው መልእክት አላቸው። ውኃ በፓምፕ ሲወጣም ከቦዩ ርቆ እንዲፈስ ይደረጋል፤ አጠገብ ከፈሰሰ ተመልሶ ይገባል። ከላይ የሚመጣ የጎርፍ ውኃ ደግሞ ከአፋፉ ርቆ በሚቆፈር ትንሽ ፈለግ ወደ ሌላ ይመራል።

ሰው ከተቀበረ የመጀመሪያው ፈተና ዘሎ አለመግባት ነው። የመጀመሪያው ናዳ ሁለተኛውን ያስከትላል፤ ለማዳን የገቡትም ይቀበራሉ። ማሽን ሁሉ ይጠፋል፣ የተሰበሰበ ሰው ከአፋፉ ይርቃል፣ በአዲስ አበባ 939 ይደወላል። ቦዩ ሳይደገፍ ሰው አይገባም፤ ድጋፍ ከገባ በኋላም አፈሩ በእጅና በትንሽ አካፋ ከፊትና ከደረት ይጀምራል። በኤክስካቫተር ባልዲ መጎተት የተቀበረውን ሰው ይቆርጣል፤ በገመድ መጎተትም በአፈር የተያዘ አካልን ይጎዳል።

ድጋፉ የሚነሣው በተተከለበት ተቃራኒ፣ ከታች ወደ ላይ ነው። የግንቡ ኮንክሪት ጠንክሮ የአፈሩን ግፊት ሊሸከም ሲችል ጀርባው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ባለው ንብርብር እየተሞላ ይጠቀጠቃል። ሙሌቱ የታችኛው መወጠሪያ ጋ ሲደርስ ያ መወጠሪያ ብቻ ይወጣል፣ ቀጣዩ ሙሌት ሲደርስ ቀጣዩ። ሁሉንም አስቀድሞ ነቅሎ ከዚያ መሙላት ባዶ ግድግዳ ፊት ሰውን ያቆማል። ጣውላዎቹን ማውጣት አጥሩን የሚያናጋ ከሆነ በመሬት ውስጥ መተው ይፈቀዳል። የተሞላው ቦታ በፕላኑ ላይ ምልክት ይደረግበታል፤ ከዓመታት በኋላ በዚያ አጠገብ የሚቆፍር ሰው ያ አፈር ያልተነካ መሬት እንዳልሆነ ያውቃል፣ ገና ከመጀመሪያው ሜትር ጀምሮም ይደግፈዋል።